ጣሪያው ከታወቀ ክፍፍሉ ይገኛል

ባለ 8 ምዕራፍ የሆነ የቆየ መጽሐፍ እንደገና ሊታተም ነው እንበል። ከማተሚያ ቤት በፊት ግን በኮምፒዩተር መተየብ አለበት። የምዕራፎቹ ገጽ ብዛት በቅደም ተከተል 30፣ 45፣ 20፣ 60፣ 25፣ 40፣ 35 እና 15 ነው፤ በድምሩ 270 ገጽ። ፍጥነታቸው እኩል የሆነ 3 ታይፒስቶች ሥራውን በአንድ ቀን ይጀምራሉ። አንድ ምዕራፍ ለሁለት ሰው አይከፈልም፤ እያንዳንዱ ታይፒስት የሚወስደውም ተከታታይ ምዕራፎችን ብቻ ነው። መጽሐፉ ተተይቦ አለቀ የሚባለው ብዙ ገጽ የደረሰው ታይፒስት ሲጨርስ ነው። ታዲያ ከሁሉም የበለጠ ገጽ የሚደርሰው ሰው ድርሻ በተቻለ መጠን እንዲያንስ መጽሐፉን የት ላይ እንቁረጠው?

ጥያቄው በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በመካከለኛው አውሮፓ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር ላይ፣ የኅትመት መሣሪያ ከመፈልሰፉ በፊት መጻሕፍት ይገለብጡ ለነበሩ ጸሐፊዎች ሥራ የማከፋፈል ጥያቄ ሆኖ ቀርቧል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አማካዩን ነው። 270 ለ3 ሲካፈል 90 ይመጣል፤ እንግዲያው ለእያንዳንዱ 90 ገጽ እስኪሞላ እንስጥ። የመጀመሪያው ታይፒስት 30 እና 45 ወስዶ 75 ላይ ይቆማል፤ 20 ቢጨመርለት ከ90 ያልፋልና። ሁለተኛው 20 እና 60 ይወስዳል፤ 80 ይሆናል። የቀረው ሁሉ በሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ 25፣ 40፣ 35 እና 15 ተደምረው 115 ገጽ። በየደረጃው ልክ የመሰለው አከፋፈል መጨረሻ ላይ ያለውን ሰው ጎዳው።

ሁሉንም አቆራረጥ መሞከርስ? ለ8 ምዕራፍ እና ለ3 ሰው ያሉት አማራጮች 21 ብቻ ስለሆኑ በወረቀት ይቻላል። ነገር ግን 1,000 ቁጥሮችን በ10 ቦታ መክፈል ቢያስፈልግ የአማራጮቹ ብዛት ከ1 ቀጥሎ 21 ዜሮ ከሚጻፍበት ቁጥር ይበልጣል። ይህን አንድ በአንድ ማየት ለኮምፒዩተርም የማይታሰብ ነው።

መፍትሔው የሚገኘው ጥያቄውን በመገልበጥ ነው። «የት እንቁረጥ?» ማለቱን ትተን «ማንም ከዚህ ገጽ በላይ እንዳይደርሰው ጣሪያ ብናስቀምጥ 3 ሰው ይበቃል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ይህን መመለስ ቀላል ነው። ጣሪያው 112 ገጽ ይሁን። ለመጀመሪያው ታይፒስት ጣሪያውን እስኪነካ እንሰጠዋለን፤ 30፣ 45 እና 20 ተደምረው 95። ቀጣዩ ምዕራፍ 60 ስለሆነ አይችለውም፤ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ሁለተኛው 60 እና 25 ይዞ 85 ላይ ይቆማል። ሦስተኛው 40፣ 35 እና 15 ወስዶ በ90 ይጨርሳል። ስለዚህ 112 ይበቃል።

እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ጣሪያው የፈቀደውን ያህል ሞልቶ መስጠት ትክክል የሚሆንበት ምክንያት አለው። ያንኑ ጣሪያ ያከበረ ሌላ ማንኛውም አቆራረጥ የመጀመሪያውን ሰው እኛ ካቆምንበት ምዕራፍ አሳልፎ ሊያስኬደው አይችልም። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ስለዚህ በእኛ አሰጣጥ 3 ሰው ካልበቃ በማንም አሰጣጥ አይበቃም። ከላይ ያየነው የአማካዩ ስሕተትም ይህ ነበር፤ 90 ጣሪያ ሆኖ ቢፈተን ኖሮ አራተኛ ሰው እንደሚጠይቅ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ባይነሪ ሰርች ነው። አንድ ጣሪያ ከበቃ ከእሱ የሚበልጠው ሁሉ ይበቃል፤ አንዱ ካልበቃ ከእሱ የሚያንሰው ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጣሪያ መፈተን አያስፈልገንም፤ መሐል ለመሐል እየቆረጥን ግማሹን እንጥላለን። መልሱ ከትልቁ ምዕራፍ ማለትም ከ60 አያንስም፤ ከጠቅላላው ማለትም ከ270 አይበልጥም። መሐሉ 165 ሲፈተን ይበቃል፤ ከ165 በላይ ያለውን እንተዋለን። ከ60 እስከ 165 ያለው መሐል 112 ነው፤ ይበቃል። ቀጥሎ 86፤ 4 ሰው ስለሚጠይቅ አይበቃም፤ ስለዚህ መነሻችን 87 ይሆናል። 99 ይበቃል፤ 93 አይበቃም፤ 96 ይበቃል፤ 95 ይበቃል፤ 94 አይበቃም። መልሱ 95 ነው። በ8 ፈተና ብቻ ተገኘ፤ ክፍፍሉም 95፣ 85 እና 90 ሆነ።

ቁጥሮቹ ሲበዙ ጥቅሙ ይጎላል። 1,000 ምዕራፎች ቢኖሩና ድምራቸው 1,000,000 ቢሆን 20 ያህል ፈተና ይበቃል። እያንዳንዱ ፈተና ተርታውን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍበት ጠቅላላ ሥራው ወደ 20,000 ድምር ገደማ ነው። በፓይተን ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```python
def split(pages, m):
    low, high = max(pages), sum(pages)
    while low < high:
        mid = (low + high) // 2
        parts, total = 1, 0
        for p in pages:
            if total + p > mid:
                parts += 1
                total = 0
            total += p
        if parts <= m:
            high = mid
        else:
            low = mid + 1
    return low
```

በዚህ ኮድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው መነሻው ነው። ፍለጋውን ከትልቁ ምዕራፍ ሳይሆን ከ0 ያስጀመረ ሰው አንዳንድ ጊዜ የማይሆን መልስ ያገኛል። ምዕራፎቹ 10 እና 60 ብቻ ሆነው ታይፒስቶቹ 3 ቢሆኑ ኮዱ 0 ገጽ የሆነ ጣሪያ ይበቃል ብሎ ይመልሳል፤ የክፍሎቹን ብዛት እንጂ አንዱ ምዕራፍ ብቻውን ጣሪያውን ማለፉን አያይምና። የወጣው መልስ ከትልቁ ቁጥር ካነሰ ችግሩ ይህ ነው። ሁለተኛው ጣሪያው ሳይበቃ ሲቀር `low = mid + 1` በማለት ፈንታ `low = mid` ብሎ መጻፍ ነው። የቀሩት ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ሲሆኑ መሐሉ ትንሹ ቁጥር ራሱ ስለሚሆን ፕሮግራሙ እዚያው እየተሽከረከረ አይጨርስም።

ዘዴው የሚሠራበትም ወሰን አለው። ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች መሆን የለባቸውም። ተርታው 10፣ 5 እና -5 ሆኖ ጣሪያው 10 ቢሆን ሦስቱ አንድ ላይ ልክ 10 ይሆናሉ፤ አሞላላችን ግን 5 ላይ ሲደርስ ጣሪያው አለፈ ብሎ ይቆርጣል፤ አንድ ክፍል የሚበቃውን ሁለት ያደርገዋል። ለገጽ፣ ለኪሎ ወይም ለሰዓት ይህ አያሰጋም፤ ገቢና ወጪ ለተቀላቀለበት ሒሳብ ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ትልቁ ወሰን ቅደም ተከተሉ ነው። ታይፒስቶቹ ምዕራፎችን ከየትም መርጠው እንዲወስዱ ቢፈቀድ 60 እና 30 ለአንዱ፣ 45፣ 25 እና 20 ለሌላው፣ 40፣ 35 እና 15 ለሦስተኛው ተሰጥቶ እያንዳንዳቸው ልክ 90 ገጽ ይደርሳቸው ነበር። ነገር ግን ቅደም ተከተል የሌለው ክፍፍል ከባድ ከሚባሉት የኮምፒዩተር ሳይንስ ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ ሥራው ሲበዛ ሁልጊዜ ምርጡን መልስ በፍጥነት የሚያገኝ ዘዴ እስካሁን አይታወቅም። ጣሪያውን መፈተን ቀላል የሆነልን ምዕራፎቹ ተርታቸውን ስለጠበቁ ብቻ ነው፤ ምርጫው ሲከፈት ማንን ከማን ጋር እንደምንሞላ አናውቅም። ስለዚህ ሥራ አከፋፋዩ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ተርታው መጠበቅ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ነው። መጠበቅ ካለበት በ95 እና በ90 መካከል ያለው የ5 ገጽ ልዩነት የተርታው ዋጋ ነው፤ በምላሹ ግን ከ95 የተሻለ ክፍፍል እንደሌለ በ8 ፈተና እርግጠኛ ይሆናል።