60ው ዙር የት ገባ?

በብዙ የወፍጮ ሞተሮች ጎን ላይ በተለጠፈችው ሳህን «50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1440 ዙር» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ባለአራት ዋልታ በሆነ እንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ ግን መግነጢሳዊው መስክ የሚሽከረከረው በደቂቃ 1500 ጊዜ ነው። 60ው ዙር የት ገባ?

ሞተሩን የሚያሠራው እሱው ነው። መሀል ላይ የሚዞረው ሮተር ከመብራት መስመር ጋር የሚያገናኘው ሽቦ የለውም። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው መስኩ እየቀደመው ዘንጎቹን ሲያቋርጥ ብቻ ነው። እኩል ቢሮጡ ማቋረጡ ይቀራል፤ ኤሌክትሪኩም፣ የሚያዞረው ጉልበትም ይጠፋል። ይህ ወደኋላ መቅረት ስሊፕ ይባላል፤ 60 ለ1500 ሲካፈል 4 በመቶ መሆኑ ነው።

ድንጋዩ ባዶውን ሲዞር ሞተሩ 1500 ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ጤፉ ሲወርድበት ይዘገያል። መዘግየቱ ራሱ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ስለሚያስገኝ ጉልበቱ ይጨምራል። ብልሃቱ ያምራል፤ ግን ጣሪያ አለው። ጉልበቱ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ሸክሙ ከበረታ ፍጥነቱም ጉልበቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል።

ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ያ ጣሪያ በ19 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። መብራት ሲደክም ወፍጮው እያጉረመረመ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ባለወፍጮው ቶሎ እህሉን መቀነስ አለበት። የቆመ ሞተር ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ካልጠፋ ጥቅልሉ የመቃጠል ሽታ ማምጣት ይጀምራል።