ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩ ደንበኞችና የ300 ብር ቀብድ

በአዲስ አበባ የሴቶች ፀጉር ቤቶች ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የሚከብደው ቅዳሜ ነው። ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ እሑድ ከሆነ ፀጉሩ የሚሠራው ቅዳሜ ነውና። ቀጠሮ ይዛ የምትቀር ደንበኛም ከሁሉ ይልቅ የምትጎዳው ያን ቀን ነው።

ጉዳቱ ግን በሁሉም ሥራ ላይ እኩል አይደለም። ለመታጠብና ካስክ ለመግባት የመጣች ሴት ብትቀር ከበሩ የገባችው ሌላ ሴት ቦታዋን ትይዛለች። ሹሩባ ግን እንደዚያ አይደለም። እንበልና አንድ ቀጭን ሹሩባ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ዋጋው 2,000 ብር ነው። አንድ ወንበር በቅዳሜ ሁለት ሰው ብቻ ያስተናግዳል፤ አንዷን ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 7፣ ሌላዋን ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። የጠዋቷ ደንበኛ መቅረቷ የሚታወቀው 4 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት የምትገባ አዲስ ደንበኛ 8 ሰዓት ስለምትጨርስ ሠሪዋ ምሳ እንኳን ሳትቀምስ ወደ ቀጣይዋ ትሻገራለች። 5 ሰዓት ላይ ከታወቀ ደግሞ ጠዋቱ ጠፍቷል ማለት ነው፤ የወንበሩ የቀን ገቢ በግማሽ ይወርዳል። ሠሪዋ በኮሚሽን የምትሠራ ከሆነ ኪሳራው የእርሷም ነው።

ስለዚህ የፀጉር ቤቷ ባለቤት ራሷን መጠየቅ ያለባት "ለምን ቀረች?" ብላ ብቻ አይደለም። "መቅረቷን መቼ ሰማሁ?" የሚለው ይበልጣል። ሐሙስ የተሰረዘ ቀጠሮ ጉዳት የለውም፤ ለተራ ጠባቂ ይሰጣል። ጥሩ የቀጠሮ አያያዝ የሚባለው የማትመጣው ደንበኛ ቀድማ እንድትናገር የሚያደርግ ነው።

ከመጀመሪያው የስልክ ጥሪ እንነሳ። አብዛኛው ቀጠሮ የሚበላሸው እዚያው አያያዙ ላይ ነው። "ቅዳሜ 3 ሰዓት" ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከውጭ ለእረፍት የመጣች ደንበኛ 3 ሰዓትን ስልኳ ላይ ካለው 3:00 ጋር ልታምታታው ትችላለች፤ እርሱ ደግሞ በእኛ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ "በ16" ስንላት እርሷ የፈረንጁን 16 ልታስብ ትችላለች። መድኃኒቱ የሳምንቱን ቀን፣ ወሩንና "ከጠዋቱ" የሚለውን አብሮ መናገር፣ ከዚያም ደንበኛዋ መልሳ እንድትናገረው ማድረግ ነው። በደብተሩ ላይ ስም፣ ስልክ፣ የሥራው ዓይነትና የሚፈጀው ሰዓት ይጻፋል። የሚፈጀው ሰዓት ካልተጻፈ ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው የሚቀጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ማስታወሻው ይመጣል። ይህ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ፣ ምንም ማስታወሻ ካልደረሳቸው ታካሚዎች ወደ 68 በመቶው በቀጠሯቸው ሲገኙ፣ የጽሑፍ መልእክት ከደረሳቸው ወደ 79 በመቶው፣ ከተደወለላቸው ደግሞ ወደ 80 በመቶው ተገኝተዋል። ክሊኒክና ፀጉር ቤት አንድ ባይሆኑም የሰው መርሳት አንድ ነው። በጥሪውና በመልእክቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መሆኑም ልብ ይባል፤ ሥራ የበዛባት ባለቤት ለሁሉም መደወል አይጠበቅባትም።

ለረጅም ሥራ መልእክቱ ሐሙስ ማታ መላክ አለበት። ዓርብ ማታ የተላከ መልእክት ደንበኛዋን ያስታውሳል እንጂ፣ "አልመጣም" ብትል ቦታዋን የሚተካ ሰው ለመፈለግ ጊዜ አይሰጥም። መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "ሰላም እመቤት፣ ቅዳሜ ግንቦት 8 ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሹሩባ ቀጠሮ አለዎት። የሚመጡ ከሆነ 1፣ ካልተመቸዎት 2 ብለው ይመልሱልን። ቀን መቀየር ይቻላል።" የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ብዙ ሴት የምትቀረው ለመሰረዝ ይሉኝታ ስለሚይዛት ነው፤ መውጫ በር ሲከፈትላት ትናገራለች። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን መልስ ላልሰጡት ብቻ ይደወላል። ሁለት ጊዜ ተደውሎ ካልተነሳ ቦታው ለተራ ጠባቂ እንደሚሰጥ ቀጠሮው ሲያዝ መነገር አለበት።

ቀብድ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለሁሉም ሥራ ሳይሆን ለሹሩባ፣ ለሙሽራና ለሚዜዎች ሥራ። መጠኑ ደንበኛዋ የማትረሳው፣ ነገር ግን ለመክፈል የማታመነታበት ይሁን። ለ2,000 ብር ሥራ 300 ብር ጥሩ መነሻ ነው። ቀብድ ሲጠራ ብዙዎች "እደውላለሁ" ብለው ከጠፉ በዝቷል፤ ከፍለውም ድምፃቸውን አጥፍተው የሚቀሩ ከበዙ አንሷል። ባለቤቷ በራሷ ገንዘብ የሚቀጠል ፀጉር የምትገዛ ከሆነ ግን የዕቃው ዋጋ ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ መከፈል አለበት፤ ያ ከቀብዱ የተለየ ነው።

በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፈል የደንበኛዋን ስክሪንሾት ማመን አይገባም፤ ይቀነባበራልና። ገንዘቡ መግባቱ በራስ ስልክ ላይ ከታየ በኋላ ብቻ "ቀብድ 300" ተብሎ ከስሟ ጎን ይጻፋል። ሥራው ሲያልቅ የምትከፍለው 1,700 ብር እንደሆነ ወዲያው ይነገራት። ቀብዱ ተጨማሪ ክፍያ የሚመስላቸው ደንበኞች አሉ።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ቀብድ ሁለቱንም ወገን የሚያስር መሆኑን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሠሪዋ ሙሽራ መጣችባት ተብሎ ቀጠሮዋ የተሰረዘባት ደንበኛ 600 ብር መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። ባለቤቷ ይህን ራሷ አስቀድማ ብትናገር ደንበኛዋ ቀብዱን በደስታ ትከፍላለች ብዬ አምናለሁ።

ደንቡ ለኑሯችን የሚስማማ ይሁን። ለቅሶ የደረሰባትን ሴት 300 ብር መቅጣት ነውር ነው፤ ጎረቤትም ይሰማዋል። ከ24 ሰዓት በፊት የተናገረች ሁሉ ቀብዷ ወደ ሌላ ቀን አንድ ጊዜ ይሻገርላት፤ ለቅሶና ሕመም ከሆነ ደግሞ ሰዓት አይቆጠር። ሳትናገር የቀረች ግን ቀብዷ ይቀራል፤ ገንዘቡም ባዶ እጇን ለዋለችው ሠሪ ይሰጥ።

አንድ ነገር ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሰዓቷ የደረሰች ደንበኛ እስከ 5 ሰዓት ከተቀመጠች፣ በሚቀጥለው 5 ሰዓት ላይ ነው የምትመጣው፤ ሊፈረድባትም አይገባም። ቀብድ የሚቀበል ፀጉር ቤት በቀጠሮው ሰዓት ወንበሩን ባዶ አድርጎ መጠበቅ አለበት።

ባለቤቶች ሆይ፣ ሁሉን በአንድ ቀን አትጀምሩ። መጀመሪያ ለአንድ ወር የሐሙስ ማታውን መልእክት ብቻ ላኩ፤ በደብተሩም ከእያንዳንዱ የቅዳሜ ስም ጎን "መጣች"፣ "ቀድማ ተናገረች" ወይም "ቀረች" ብላችሁ ጻፉ። "ቀረች" የሚለው አሁንም ከበዛ፣ በቀጣዩ ወር ለሹሩባ ብቻ ቀብድ ጠይቁ። ከቀነሰ ግን ቀብድ አያስፈልጋችሁም፤ ደንበኛን በነፃ መቅጠር ከተቻለ እርሱ ይሻላል።