ብሩን ማን ይያዘው? ስማርት ኮንትራት በ100 ኩንታል በቆሎ

የዛሬውን ዋጋ ጠዋት ለጥፌዋለሁ፤ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰሞኑን ቦሌ ቡና እየጠጣን አንድ አዲስ ላኪ "ይሄ ስማርት ኮንትራት የሚሉት ምንድን ነው?" አለኝ። በእኛው ሥራ አስረዳሁት።

ገርጂ ያለ ነጋዴ ነቀምት ካለ ዩኒየን 100 ኩንታል በቆሎ ሊገዛ ነው እንበል። ለሂሳብ እንዲቀለን ኩንታሉን 5,000 ብር እናድርገው፤ በድምሩ 500,000 ብር። ገዢው "ብር ልኬ እህሉ ባይመጣስ?" ይላል። ሻጩ ደግሞ "ጭኜ ልኬ ብሩ ቢቀርስ?" ይላል። የለመድነው መፍትሔ ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ብሩን በአደራ እንዲይዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያ ሰው ደላላ ነው። ደላላው ብሩን ለራሱ ጉዳይ ቢያዞርበትስ? (እኔም ደላላ ነኝ፣ አትቀየሙኝ።)

ስማርት ኮንትራት ያንን አደራ ያዥ በኮምፒውተር ፕሮግራም ይተካዋል። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው ብሎክቼይን ላይ ነው፤ ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዙት መዝገብ ስለሆነ አንዱ ወገን ብቻውን ሊቀይረው አይችልም። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ እዚያ ይቆልፋል። ሻጩም መቆለፉን አይቶ ይጭናል። ውሉ "100 ኩንታል ገብቷል የሚል ማረጋገጫ ከሚዛን ቤት ሲመጣ ለሻጩ ክፈል፤ በ7 ቀን ካልመጣ ለገዢው መልስ" ይላል። ማረጋገጫው እንደመጣ ገንዘቡ ራሱ ይሄዳል፤ ስልክ መደወል፣ መለመን የለም።

ችግሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ፕሮግራሙ መኪና አያይም፣ እርጥበት አይለካም። ያ ሚዛን ሠራተኛ ያለውን ብቻ ያምናል። ሠራተኛው የገዢው ሰው ከሆነ ሻጩ አለቀለት። ስለዚህ ከገዢ፣ ከሻጭና ከገለልተኛ መዛኝ ሦስቱ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘቡ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ይቻላል።

ሌላው፣ የገባው 94 ኩንታል ቢሆንስ? ከላይ ያለው ውል ስለ ጉድለት ምንም አይልም። 100 ስላልሞላ 7ቱ ቀን ያልፍና 500,000 ብሩ በሙሉ ለገዢው ይመለሳል፤ 94 ኩንታሉም እሱ መጋዘን ውስጥ ነው! ሰው ቢሆን "ተው እንጂ፣ የገባውን ክፈል" ይል ነበር። ፕሮግራም ያልተጻፈለትን አያስብም። ከመጀመሪያው "በተመዘነው ልክ ክፈል" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ 470,000 ለሻጩ፣ 30,000 ለገዢው ይሆን ነበር።

እኛ አገር ዛሬ በዚህ መገበያየት ይቻላል ወይ? ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መክፈል ሕገወጥ መሆኑን አሳውቋል፤ እነዚህ ውሎች ደግሞ በአብዛኛው የሚቆልፉት ክሪፕቶ ነው። ሐሳቡ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ላይ ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ያስገባል፣ የሻጩ ምርት መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ ክፍያው በባንክ ይፈጸማል። እዚያ አደራውን የሚይዘው ፕሮግራም ሳይሆን ተቋም ነው።

እናም ውጭ ያለ ገዢ "በስማርት ኮንትራት ልክፈልህ" ካላችሁ፣ ምንም ሳትጭኑ መጀመሪያ ባንካችሁን ጠይቁ።