ሥራ አስኪያጁ ከፈቃድ ማመልከቻ ላይ የሚፈልገው

የፈቃድ ማመልከቻ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ዕጣው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ተፈቅዷል» ተብሎ ይፈረምበታል፤ ወይ ጥጉ ላይ «ለሰው ሀብት፤ ተጣርቶ ይቅረብ» ተብሎ ይመራል። ሁለተኛው ከሆነ ወረቀቱ ጉዞ ጀመረ ማለት ነው። ሰው ሀብት ክፍል ቀሪውን የፈቃድ ቀን ፈልጎ ይጽፍበታል፤ የቅርብ ኃላፊው ሥራው በማን እንደሚሸፈን ይጠየቃል፤ ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ወጥቷል። ሠራተኛው በዚህ መሃል «አለቃዬ ፈቃድ ነፈገኝ» ብሎ ማዘኑ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ግን የነፈገው የለም። ደብዳቤው ለመፈረም የሚያበቃ ነገር ስላልያዘ ነው የሚዞረው።

አምስት ዓመት ያገለገለች የአንድ ንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ለጥምቀት ጎንደር ወዳሉት ቤተሰቦቿ ለመሄድ ፈልጋ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «ድርጅቱን በቅንነትና በታማኝነት እያገለገልኩ መሆኔ ይታወቃል። ሆኖም የግል ጉዳይ ስላጋጠመኝ ከ7/5/2018 እስከ 15/5/2018 ድረስ ፈቃድ እንዲሰጠኝ ከታላቅ አክብሮት ጋር በትህትና እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ ሁላችንም የተማርነው እንዲህ መጻፍ ነው። ሆኖም ይህን ለመፈረም የሚፈልግ ሰው ገና ከመጀመሪያው የሚያቆመው ነገር አለ፤ የትኛው ፈቃድ ነው? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፈቃድ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓመት ፈቃድ ከሠራተኛው ቀን ላይ ይቀነሳል። ለጋብቻ፣ ወይም እንደ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ያለ የቅርብ ዘመድ ሲሞት የሚሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ግን ከክፍያ ጋር የሚሰጥና ከዓመት ፈቃዱ የማይነካ ነው። ለከባድና ድንገተኛ ነገር የሚጠየቀው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ደመወዝ የለውም፤ እሱም በዓመት ከሁለት ጊዜ አያልፍም። የሕመም ፈቃድ ደግሞ የሐኪም ማስረጃ ይከተለዋል። «የግል ጉዳይ አጋጠመኝ» የሚለው አነጋገር ከእነዚህ ለብዙዎቹ ሊሆን ስለሚችል፣ ሥራ አስኪያጁ ቢፈርምም ደመወዝ የሚያዘጋጀው ሰው ምን ብሎ እንደሚመዘግበው አያውቅም።

ምክንያትን በዝርዝር መጻፍ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው መልሱም ከዚሁ ይመጣል። የዓመት ፈቃድ የሠራተኛው መብት ስለሆነ ጥምቀት ይሁን የቤት እድሳት መግለጽ አይጠበቅባትም፤ «ከዓመት ፈቃዴ» ማለት ይበቃል። ምክንያቱ የሚያስፈልገው ፈቃዱ በራሱ በምክንያቱ ላይ ሲቆም ነው። ለሐዘን የጠየቀ ሰው የሟቹን ዝምድና ካልጻፈ ቀኑ ከየትኛው እንደሚታሰብ መወሰን አይቻልም። የጎረቤት ወይም የእድር ሰው ሐዘን ልብን ቢሰብርም በአዋጁ የሐዘን ፈቃድ ውስጥ ስለማይገባ ከዓመት ፈቃድ ቢጠየቅ ነገሩ ቶሎ ያልቃል።

ወደ ቀኖቹ እንምጣ፤ ብዙ መጉላላት የሚመጣው ከዚህ ነው። «ከ7 እስከ 15» ማለት 15ኛውን ቀን ይጨምራል ወይስ በ15 ሥራ ትገባለች? የ2018 ጥር 7 ሐሙስ ነው፤ 15 ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ። ዓርብ ሥራ ትገባለች ብሎ ያነበበ ኃላፊ ለዚያ ቀን ክፍያ ይቀጥራል፤ እሷ ግን ሰኞ ጥር 18 ልትገባ አስባ ጎንደር ናት። ቀኑን በአሃዝ ብቻ መጻፍም ሌላ ችግር አለው። የውጭ አገር ኃላፊ ባለበት ድርጅት 7/5/2018 የፈረንጆቹ ግንቦት ወር ሊመስል ይችላል። የወሩና የዕለቱ ስም ሲጻፍ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ቆጠራውም አለ። ከጥር 7 እስከ 15 ዘጠኝ ቀን ነው፤ የዓመት ፈቃድ የሚታሰበው ግን በሥራ ቀን ነው። ጥር 9 ቅዳሜ፣ 10 እሑድ፣ 11 ሰኞ ደግሞ የጥምቀት በዓል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሚሠራ ድርጅት የሚቀረው ስድስት ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ በሚሠራበት ቤት ቅዳሜዋ እንዴት እንደምትታሰብ የድርጅቱ ደንብ ይወስናል። ይህን ሒሳብ ጠያቂዋ ካልሠራችው ሥራ አስኪያጁ መሥራት አለበት፤ ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ለነገ ያሳድረዋል።

ቀሪ ቀንም እንደዚሁ። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ስለዚህ አምስት ዓመት ላገለገለችው ሠራተኛ 18 ቀን ይደርሳታል። አራቱን ከወሰደች 14 ቀርቷታል። ደብዳቤውን ከመጻፏ በፊት ሰው ሀብት ክፍል ጎራ ብላ ቁጥሩን ብታረጋግጥ፣ «ተጣርቶ ይቅረብ» የሚለው ምሪት የሚጣራ ነገር አያገኝም።

ሥራ አስኪያጁ በልቡ የሚጠይቀው ዋናው ነገር ግን የሕግም የቁጥርም አይደለም። እሷ በሌለችበት ሥራው ይቆም ይሆን? ይህች ሠራተኛ ጥቃቅን ወጪ የሚከፈልበትን ገንዘብ ትይዛለች። ቼክ ላይ ከሚፈርሙት ሁለት ሰዎች አንዷም እሷ ናት። የታኅሣሥ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ በጥር ወር ውስጥ መገለጽና መከፈል አለበት፤ ካለፈ ቅጣት ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ ያስባል፤ ደብዳቤው ግን ምንም አይነግረውም።

እዚህ ላይ «ሥራዬን ባልደረቦቼ ይሸፍኑልኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር አይጠቅምም። ማን ምን እንደሚይዝ በስም መጻፍ አለበት፤ ያ ሰውም አስቀድሞ ተጠይቆ እሺ ብሎ ከደብዳቤው ግርጌ ቢፈርም ጥሩ ነው። ገንዘቡ ተቆጥሮ በርክክብ ሰነድ ይተላለፋል። የቼክ ፊርማን ግን ለባልደረባ በቃል መስጠት አይቻልም። ባንኩ የሚያውቀው የተመዘገበውን ፊርማ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ፈራሚ ከሌለ በእነዚያ ቀናት የሚወጡ ክፍያዎች ቀድመው ተዘጋጅተው መፈረም አለባቸው። ፊርማዋ በባዶ ቼክ ላይ ተቀምጦ መሄድ ግን ለእሷም ለድርጅቱም አደጋ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤው እንደገና ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ከዓመት ፈቃዴ ላይ ከሐሙስ ጥር 7 እስከ ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ያሉት ስድስት የሥራ ቀናት እንዲፈቀዱልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ሰኞ ጥር 18 ጠዋት ሥራ እገባለሁ። በሰው ሀብት ክፍል እንደተረጋገጠው ቀሪ ፈቃዴ 14 ቀን ነው። የታኅሣሥ ግብርና የጡረታ መዋጮ ከመሄዴ በፊት ይጠናቀቃል። እስከ ጥር 15 የሚወጡ ክፍያዎች ቼክ ረቡዕ ጥር 6 ለፊርማ ይቀርባል። ጥቃቅን ወጪውን ከታች የፈረመችው ባልደረባዬ በርክክብ ትይዛለች። በስልኬ እገኛለሁ። ሥራ የሚያስገድድ ከሆነ ጥር 14 እና 15ን መተው እችላለሁ።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ከተራውም ጥምቀቱም ቃና ዘገሊላውም እስከ ማክሰኞ ጥር 12 ያልፋል፤ ረቡዕ ለመንገድ ይሆናል። የማይነኩትና ሊቀነሱ የሚችሉት ቀናት ከታወቁ፣ ሥራ አስኪያጁ ሙሉውን ከመከልከል ይልቅ አራት ቀን ፈቅዶ ይፈርማል።

ደብዳቤው ይህን ሁሉ ይዞም «አሁን አይቻልም» ሊባል ይችላል። አዋጁ የዓመት ፈቃድ የሚሰጥበትን ጊዜ ሲወስን የሠራተኛው ፍላጎትና የድርጅቱ ሥራ አብረው እንዲታዩ ስለሚያዝ፣ አሠሪው ሥራ ሲያስገድደው ማስተላለፍ ይችላል። የተላለፈ ፈቃድ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሊገፋ አይችልም። ስለዚህ በቃል «ቆይ በኋላ» ሲባል እሺ ብሎ ከመውጣት፣ እዚያው ማመልከቻ ላይ የተላለፈበት ምክንያትና አዲሱ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሰፍር መጠየቅና አንድ ቅጂ መያዝ ይገባል።