ቀመሩ ለምን ተንሳፈፈ?

ከሁለት መምህራን የመጡ የፈተና ጥያቄዎች በአንድ የወርድ ፋይል ይገጣጠሙ እንበል። የአንዱ ፊደል ከሌላው አይመሳሰልም። ጸሐፊዋ ሙሉውን በCtrl+A ትመርጥና Ctrl እና Space አንድ ላይ ትጫናለች፤ ጽሑፉ ላይ በእጅ የተጨመረው የፊደል ቅርጽ ሁሉ ይራገፋል፣ ገጹም አንድ መልክ ይይዛል። በዚያው ቅጽበት ግን የኬሚስትሪው ፎርሙላና የፊዚክሱ ቀመር ቦታቸውን ለቀዋል።

የኬሚስትሪውን ለመረዳት አያስቸግርም። ለወርድ፣ በH₂O መካከል ዝቅ ብላ የምትታየው 2 ከሌላው 2 አትለይም፤ ልዩነቷ በCtrl+= የተሰጣት «አንሰሽ ዝቅ በይ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ትእዛዙ ሲራገፍ ወደ መስመሩ ትመለሳለች። H2O ተብሎ ቢታተም ተማሪው አይሳሳትም። SO₄²⁻ ግን SO42- ሲሆን አርባ ሁለት የኦክስጅን አቶም ያለው ነገር ይመስላል። ከሁሉ የከፋው 10⁵ ነው። 105 ይሆናል፤ መቶ ሺው መቶ አምስት ሆኖ ያርፋል፣ ገጹን የሚያይ ሰውም እንከን አይታየው።

የቀመሩ ነገር ጠለቅ ይላል። የእፍጋት ቀመር፣ d እኩል ይሆናል m ሲካፈል ለV፣ በማትታይፕ ወይም በድሮው የወርድ ቀመር መጻፊያ ተጽፎ ከሆነ ክፍልፋዩ ለወርድ ጽሑፍ አይደለም፤ እንደ አንድ ትልቅ ፊደል የሚቆጠር ሥዕል ነው። ሥዕል ደግሞ እንደ ማንኛውም ፊደል ታችኛው ጠርዙን ፊደላቱ በሚቆሙበት መስመር ላይ ያሳርፋል። ክፍልፋይ እንዲህ ቢቆም ታህቱ ከጽሑፉ ጋር ይሰለፋል፣ ላዕሉም አየር ላይ ይቀራል። የክፍልፋዩ ሰረዝ ከእኩል ምልክቱ ጋር እንዲስተካከል መጻፊያው ሥዕሉን ወደ ታች ያወርደዋል፤ 31 ነጥብ ያህል ቁመት ያለውን ክፍልፋይ 12 ነጥብ ያህል። ይህ ቁጥር የተመዘገበው ግን ሥዕሉ ውስጥ አይደለም። ልክ እንደ H₂O 2፣ ከውጭ የተለጠፈ የፊደል ቅርጽ ነው። ስለዚህ ያው ቁልፍ ያራግፈዋል፣ ክፍልፋዩም ይንሳፈፋል።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚባባሰው በጥገናው ነው። የተንሳፈፈው ክፍልፋይ ከላዩ ያለውን መስመር ስለሚገፋ አንቀጹ የተበጣጠሰ ይመስላል። ጸሐፊዋ ይህን ለማስተካከል የመስመሩን ርቀት Exactly ላይ አድርጋ 18 ነጥብ ትሞላለች። መስመሮቹ እኩል ይሆናሉ፤ 31 ነጥብ የሚረዝመው ሥዕል ግን በ18 ነጥብ ውስጥ ስለማይበቃ ከላይ ይቆረጣል። m ይጠፋል። የሚታተመው d = V ነው ማለት ይቻላል።

ለማዳን መጀመሪያ ርቀቱን ወደ Single ወይም ወደ At least መመለስ ነው፤ የተቆረጠው ያን ጊዜ ብቅ ይላል። ቀጥሎ ቀመሩን አንዴ ጠቅ ማድረግ። በዙሪያው እንደ ፎቶ መጎተቻ ነጥቦች ከታዩ ሥዕል ነው። Ctrl+D ተጭኖ Advanced በሚለው ገጽ Position ቢታይ Normal ሆኖ ይገኛል፤ እሱን Lowered አድርጎ 12 መሙላትና ሰረዙ ከእኩል ምልክቱ ጋር እስኪገጥም ማስተካከል ነው። ማትታይፕ ያለው ሰው ቀመሩን በሁለት ጠቅታ ከፍቶ ሲዘጋው ቁመቱ ራሱ ይታረማል። በድሮው መጻፊያ ራሱ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ማይክሮሶፍት በደህንነት ክፍተት ምክንያት በ2018 ጥር ወር አውጥቶታል። ቀመሮቹ ጥቂት ከሆኑ እኔ እንደገና መጻፉን እመርጣለሁ። ከወርድ 2007 ጀምሮ Alt+= የሚከፍተው መጻፊያ ክፍልፋዩን እንደ ጽሑፍ ስለሚያውቀው በማራገፊያው ቁልፍ ከቦታው አይነቃነቅም። ለኬሚስትሪ ግን ፊደሎቹን ስለሚያጋድል Normal Text የሚለውን መጫን ያስፈልጋል።

ለፎርሙላዎቹ ሌላ መንገድ አለ፦ ዝቅ ያለችውን ₂ ራሷን የቻለች ምልክት አድርጎ ማስገባት። የትም ቢቀዳ ከፍታዋ አብሯት ይሄዳል። ችግሩ ይህን ምልክት ያልያዙ ፊደሎች መኖራቸው ነው፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፊደል ይዋስና አንዷ ₂ ከጎረቤቷ ₄ ወፍራም ወይም ከፍ ያለች ትሆናለች።

የተራገፉትን ለመፈለግ፣ ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊት Ctrl+Z ካልደረሰ፣ በመፈለጊያው Use wildcards የሚለውን አብርቶ ይህን መጻፍ ይቻላል፦

```
[A-Za-z][0-9]
```

ከፊደል ኋላ የተለጠፈ ቁጥርን ሁሉ ያሳያል። Al2(SO4)3 ውስጥ 2ን እና 4ን ያገኛል፤ ከቅንፍ ኋላ ያለችውን 3 ግን ያልፋታል። 105ን ጨርሶ አያገኘውም፤ ያንን የሚያውቀው መምህሩ በእጁ የጻፈው ወረቀት ብቻ ነው።