ሻማው ለምን ጠፋ?

መምህሯ አጭር ሻማ ለኩሳ፣ በቀለጠው ሰም ሳህን ላይ አጣብቃ ታቆመዋለች። ከዚያ አፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙስ ትደፋበታለች። ነበልባሉ ጥቂት ቆይቶ እየደበዘዘ ይሄድና ይጠፋል፤ ከክሩ ቀጭን ነጭ ጭስ ይወጣል።

ጠርሙሱ ከመደፋቱ በፊት ግን ተማሪዎቹ ግምታቸውን ይጻፉ። ጥሩው ጥያቄ «ግማሽ ሊትር ከሚይዘውና አንድ ሊትር ከሚይዘው ጠርሙስ በየትኛው ውስጥ ቶሎ ይጠፋል?» የሚለው ነው። በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሞከር፣ ሰከንዱም ይቆጠር። ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚያበላሸው ጠርሙሱን ሳያናፍሱ መልሶ መድፋት ነው፤ ያገለገለው አየር ውስጡ ስለሚቀር ሁለተኛው ሻማ ያለ ምክንያት ቶሎ የጠፋ ይመስላል።

«ኦክስጅኑ አለቀ» ማለት ትክክል አይደለም። ከአየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ሻማው ግን መጠኑ ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይጠፋል። ስለዚህ አብዛኛው ኦክስጅን እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ አለ፤ ነበልባሉን ለማቆየት ግን አይበቃም።

ሳህኑ ላይ ውኃ ከተጨመረ ውኃው ወደ ጠርሙሱ ይወጣል። ብዙዎቻችን «የተቃጠለውን ኦክስጅን ተክቶ ነው» ተብለን ተምረናል። ተማሪዎቹ የጠርሙሱን ጠርዝ አተኩረው ይመልከቱ፦ መጀመሪያ የሞቀው አየር በአረፋ እየሆነ ሲያመልጥ ሊያዩ ይችላሉ። ውኃው በአብዛኛው የሚወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው፤ የቀረው አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና።