አራት ሜትሩ መሰላል የት ይደርሳል?

መተማ ዮሐንስ ላይ የክረምቱ ዝናብ ጋብ ሲል ባለ መጋዘኑ ሁሉ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ያያል። ሰሊጡ ሊገባ ነው፤ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ያገኘው ጆንያ ደግሞ ይሻግታል፣ ገዢም ያጣል። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ሰሊጥ ነጋዴው ቡና ሊጠጡ ብቅ አሉና፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ የመጣሁበት ጉዳይ ነው ያሉትን አነሡት።

«መምህር፣ የመጋዘኔ ግድግዳ ሦስት ሜትር ከስድሳ ነው። መሰላሌ አራት ሜትር። ይተርፋል አይደል?»

«እግሩን የት ነው የሚያቆሙት ጋሼ?»

ከግድግዳው ሥር የጎርፍ ቦይ ስላለ ጠንካራው መሬት የሚጀምረው 2 ሜትር ርቆ ነው አሉኝ። ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚያች 2 ሜትር ላይ ነው።

ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መሬቱ ተኝቷል፣ መሰላሉ ጋደል ብሎ ሁለቱን ያገናኛል። ሦስቱ አንድ ላይ ጎነ ሦስት ይሠራሉ፤ ግድግዳውና መሬቱ የሚገናኙበት ማዕዘን ደግሞ ቀጤ ነው፣ 90 ዲግሪ። መሰላሉ ከዚህ ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን ነው። 8ኛ ክፍል የፓይታጎረስ ሕግ ብለን ያጠናነው ይኸው ነው፦ ሁለቱን አጫጭር ጎኖች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ መደመር፣ ረጅሙን በራሱ ከማባዛት ጋር እኩል ነው።

ጎረቤቴ እንዲሁ በቃል የተነገራቸውን ነገር የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። «ለምን?» አሉኝ። ስለዚህ የልጄን ካሬ ደብተር አስመጣሁ። ወርዱም ቁመቱም 7 ካሬ የሆነ ሣጥን ሠራሁ፤ በውስጡ 49 ትንንሽ ካሬዎች አሉ። ከሌላ ገጽ ላይ አጫጭር ጎኖቻቸው 3 እና 4 ካሬ የሆኑ አራት እኩል ጎነ ሦስቶች ቆረጥኩ። እያንዳንዱ የ6 ካሬ ስፋት አለው፤ አራቱ 24። ሣጥኑ ውስጥ እንዴትም አድርገን ብናስቀምጣቸው፣ እስካልተደራረቡ ድረስ፣ ሳይሸፈን የሚቀረው 25 ነው። አንድ አንዱን በየማዕዘኑ ስናስቀምጥ መሐል ላይ ጋደል ያለ አንድ ካሬ ክፍት ይቀራል፤ የዚህ ካሬ ጎን የጎነ ሦስቶቹ ረጅም ጎን ነው። ሁለት ሁለቱን ገጥመን በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ስናስተኛቸው ደግሞ ክፍቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ 3 በ3፣ ሌላው 4 በ4። 9 ሲደመር 16፣ 25። ያው ክፍት ቦታ ነው፣ አቀማመጡ ብቻ ተቀየረ። ረጅሙ ጎን 5 የሆነውም ለዚህ ነው፣ በራሱ ሲባዛ 25 ስለሚሰጥ።

ወደ መሰላሉ እንመለስ። 4 በ4፣ 16። እግሩ ከግድግዳው የራቀበት 2 በ2፣ 4። ከ16 ላይ 4 ሲቀነስ 12 ይቀራል። በራሱ ሲባዛ 12 የሚሆነውን ቁጥር ለማግኘት ስልክ ላይ ባለው ማስሊያ የ√ ምልክቱን ብንነካ 3.46 ይለናል። መሰላሉ የሚደርሰው 3 ሜትር ከ46 ላይ ነው። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ለመድረስ 14 ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ሁለት ሙሉ ሜትር ወደ ኋላ ስቤው እንዴት የቀነሰው ግማሽ ሜትር ብቻ ሆነ?»

እውነት ነው፤ የዚህ ሕግ አስገራሚ ጠባይ እዚህ ላይ ነው። የ4 ሜትር መሰላል እግር ከግድግዳው 1 ሜትር ሲርቅ ጫፉ 3.87 ላይ ነው፤ የጠፋው 13 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ሁለተኛው ሜትር 41 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ሦስተኛው 82። አራተኛው ሜትር ላይ የቀረው 2.65 በሙሉ ይሄዳል፣ መሰላሉ መሬት ላይ ይተኛል። እግሩ ሲንሸራተት መሰላል የሚወድቀውም በዚሁ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጫፉ የተንቀሳቀሰ እንኳ አይመስልም፣ ኋላ ግን በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የወጣው ሰው ለመዝለል የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

«እንግዲያው የወንድሜን አምስት ሜትር አመጣለሁ» አሉ። ጠርዙ ላይ ለመድረስ ይበቃል፤ 3.6ን እና 2ን በየራሳቸው አባዝተን ብንደምር 16.96 ነው፣ ከእግሩ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 4.12 ሜትር ማለት ነው። ረጅሙ መሰላል ከጠርዙ በላይ 88 ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል። ግን መሰላሉ ስለረዘመ ያጋደለበት መጠን አልተቀየረም። እግሩ ያለበትና ጠርዙ ያለበት ቦታ እስካልተቀየሩ ድረስ፣ 5 ሜትርም ሆነ 10 ሜትር መሰላል በዚያው መስመር ላይ ነው የሚያልፈው። ያ መስመር ደግሞ በጣም ያጋደለ ነው። የመሰላል ደንቡ እግሩ የሚርቀው የሚደገፍበት ከፍታ ሩብ ያህል እንዲሆን ነው፤ ለ3.6 ሜትር 90 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ በጣም ሲርቅ እግሩ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ በጣም ሲጠጋ ደግሞ የወጣው ሰው ወደ ኋላ ይገለበጣል።

ስለዚህ መቀየር ያለበት መሰላሉ ሳይሆን የሚቆምበት ቦታ ነበር። በመጋዘኑ በር በኩል ቦይ የለም። እዚያ እግሩን 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ብናቆም ከእግሩ እስከ ጠርዙ 3.71 ሜትር ነው። የ4 ሜትሩ መሰላል ጠርዙን የሚያልፈው በ29 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወደ ጣሪያው ሲሻገሩ የሚጨበጥ ነገር አይኖርም፤ ለዚያ 1 ሜትር ያህል መትረፍ አለበት። የ5 ሜትሩ ግን 1.29 ይተርፋል።

ስሌቱ ልክ የሚሆነው ማዕዘኑ በእርግጥ ቀጤ ከሆነ ነው። ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ 80፣ መሬት ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ምልክት ማድረግና በሁለቱ ምልክቶች መሐል መለካት ይበቃል፤ ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ በሲባጎ የሚሠሩበት ሦስት፣ አራት፣ አምስት ነው። ልክ 1 ሜትር ከሆነ ቀጤ ነው። ከ1 ሜትር ከበለጠ፣ ወይ መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ ወደ ታች ይወርዳል ወይ ግድግዳው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የትኛው እንደሆነ ቱንቢ ይናገራል። መሬቱ የሚወርድ ከሆነ ከፍታው የሚለካው መሰላሉ ከረገጠበት ነው እንጂ ከግድግዳው ሥር አይደለም።

በእኛ ቆላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጥቁሩ አፈር። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል። የመሰላሉ ሁለት ቋሚዎች በ40 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ እንበል። አንደኛው 5 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ ያ የ40 አንድ ስምንተኛ ነው፤ የ4 ሜትር መሰላል ጫፍም የ4 ሜትር አንድ ስምንተኛ ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። ግማሽ ሜትር! ታች ሲታይ ግን ጣት የማያስገባ ጉድጓድ ይመስላል።

በማግስቱ የበሩ ወገን ላይ ሰፊ ጣውላ አነጠፉ፣ የወንድማቸውን መሰላል ከግድግዳው 90 ሳንቲ ሜትር ላይ አቆሙ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሳያግለው፣ በጠዋት፣ አንዱ የቀን ሠራተኛ የመሰላሉን እግር ይዞ ሌላው ወጣ። ጋሼ ታች ቆመው ሜትሩን እንደ ዘረጉ ነበሩ፤ ከእግሩ እስከ ጠርዙ ለክተው 3 ሜትር ከ72 አገኙና «መምህር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ተሳስተሃል» ብለው ደወሉልኝ።